ቧንቧውን ማን ያነሳዋል?

ድሬዳዋ ላይ ለሳይት መሐንዲሶች፣ ለፕሮጀክት ጸሐፊዎችና ለቀበሌ የልማት ኮሚቴ አባላት ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ። ሙቀቱ ሳይበረታ እንጀምር ስላችሁ በጠዋት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ፕሮጀክት ቃለ ጉባኤ ነው። ሁሉንም ግን አልነካም። ስለ ርዕስ አጻጻፍ፣ ስለ ማህተምና ስለ ፋይል አያያዝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ የምቆየው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ያወሩት ነገር ወደ ወረቀት ሲወርድ፣ ማን እንደሚሠራውና እስከ መቼ እንደሚሠራው የሚታወቅበት ወይም የሚጠፋበት ቦታ ላይ። ፕሮጀክት የሚዘገየው ብዙ ጊዜ እዚያች ላይ ነው።

የተለመደውን ቃለ ጉባኤ እናውቀዋለን። "ሰብሳቢው ስብሰባውን በይፋ ከከፈቱ በኋላ" ብሎ ይጀምራል። ከዚያ እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊት ደግሞ እንዲህ አለች ይላል። ሦስት ገጽ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ "በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ አቅጣጫ ተቀምጦ ስብሰባው ተጠናቋል" ይልና ፊርማ ይከተላል። ይህ አጻጻፍ ለማኅበር ወይም ለእድር ጉባኤ ይሆን ይሆናል። እዚያ ማን ምን እንዳለ ማስቀረት ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። ለግንባታ ፕሮጀክት ግን አይበቃም። የሳይት መሐንዲሱ ወረቀቱን ሲይዝ የሚፈልገው ማን እንደተናገረ አይደለም። ነገ ጠዋት ምን እንደሚሠራ ነው የሚፈልገው።

አንድ ጉዳይ ይዤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልከተለው። ለትምህርት ያዘጋጀሁት ነው፤ ግን ሳይት የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው።

እዚሁ ከተማችን ውስጥ በአንድ ቀበሌ 320 ሜትር የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ እየተሠራ ነው እንበል። ክረምት ሳይገባ ማለቅ አለበት። ለምን እንደሆነ ለድሬ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ የ1998ቱን የደቻቱን ጎርፍ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጊዜው የ2018 መጋቢት ነው። ሰኞ መጋቢት 7፣ 140ኛው ሜትር ላይ ሲቆፈር የውኃ ቧንቧ ወጣ። ቧንቧው 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ያልፋል፤ ቦዩ ደግሞ 1.2 ሜትር ይወርዳል። በማግስቱ ማክሰኞ አራተኛው የፕሮጀክት ስብሰባ ተካሄደ። ንግግሩ ይህን ይመስላል።

የተቋራጩ ተወካይ፦ "140 ላይ ቧንቧ ወጣብን። ባለ 4 ኢንች ነው። ሥራው ቆሟል።"

የውኃ አገልግሎቱ ባለሙያ፦ "ወደ ጎን ከምናዞረው ከቦዩ ሥር ዝቅ ብሎ ቢያልፍ ይሻላል።"

አማካሪው፦ "ይሄ ዲዛይኑ ላይ የለም። ተጨማሪ ሥራ ነው።"

የቀበሌው ተወካይ፦ "ውኃ የምትዘጉ ከሆነ ለሕዝቡ ቀድማችሁ ንገሩ። ደሞ በጾሙና በኢዱ እንዳታደርጉት።"

ተቋራጩ፦ "አቦ፣ ቀላል ነው። እኛ እናነሳዋለን፤ ክፍያው ይታሰብልን እንጂ።"

ሰብሳቢው፦ "ጥሩ፣ ተነጋገሩና በአስቸኳይ ፍቱት። ቀጣይ አጀንዳ።"

ጸሐፊው ይህን ሰምቶ እንዲህ ይጽፋል፦ "የውኃ ቧንቧውን በተመለከተ የሚመለከታቸው አካላት ተነጋግረው በአስቸኳይ መፍትሔ እንዲሰጡ አቅጣጫ ተቀምጧል።"

ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት የለበትም። ሰብሳቢው ያለው ይኸው ነው። ግን በሳምንቱ ምን እንደሚሆን አስቡት። ተቋራጩ የአማካሪውን ንድፍ ይጠብቃል። አማካሪው ቧንቧው በትክክል የት እንዳለ የሚነግረው ሰው ይጠብቃል። የውኃ ባለሙያው የሚዘጋበትን ቀን የሚጠይቀው ደብዳቤ ይጠብቃል። የቀበሌው ተወካይ ለነዋሪው ምን ብሎ እንደሚናገር አያውቅም። አራቱም ተቀምጠዋል፤ አራቱም ደግሞ ጥፋተኛ አይደሉም። በቀጣዩ ስብሰባ ያው ንግግር እንደገና ይነሳል፣ ያው ዓረፍተ ነገር እንደገና ይጻፋል። እንዲህ ዓይነት ቃለ ጉባኤ እጃችሁ ሲገባ ምልክቱ ቀላል ነው። "ይደረጋል፣ ይታያል፣ እንዲፈታ፣ ክትትል ይደረግበታል" የሚሉትን አስምሩባቸው። ከእያንዳንዱ አጠገብ የሰው ስም ከሌለ ያ ሥራ ባለቤት የለውም ማለት ነው።

ታዲያ ጸሐፊው ምን ማድረግ ነበረበት? እዚያው ላይ፣ ሰብሳቢው "ቀጣይ አጀንዳ" ሳይል፣ እጁን ማንሳት። "ሰብሳቢ፣ ይቅርታ፤ ውሳኔው ምን ተብሎ ይጻፍ?" ብሎ መጠየቅ። ብዙ ጸሐፊ ይህን ማድረግ ይፈራል። ወጣት ከሆነና ሰብሳቢው ትልቅ ኃላፊ ከሆነ እንደ ድፍረት ይቆጠርብኛል ይላል። እኔ ግን የጸሐፊው ዋና ሥራ ይሄ ነው ባይ ነኝ። ፈጣን ጽሕፈት ሁለተኛ ነው የሚመጣው። ለዚህም ነው ከስብሰባው በፊት ሰብሳቢውን አግኝታችሁ "በየአጀንዳው መጨረሻ ላይ አንድ ደቂቃ ይስጡኝ፤ ውሳኔውን አንብቤ ላረጋግጥ" በሉ የምለው። ፈቃዱን ቀድሞ የሰጠ ሰብሳቢ ስብሰባው ላይ አይቆጣም።

ጥያቄው ሲጠየቅ ያ የአምስት ደቂቃ ንግግር ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉበት ይታያል። አንደኛው ውሳኔ ነው፦ ቧንቧው ወደ ጎን አይዞርም፣ ከቦዩ ሥር ያልፋል። ሌላው ተግባር ነው፦ መለካት፣ ንድፍ መሥራት፣ ማጽደቅ፣ ዕቃ መግዛት፣ ውኃ መዝጋት። ውሳኔ አንዴ ይወሰናል፤ ተለውጧል እስኪባል ድረስ ጸንቶ ይቆያል። ተግባር ተሠርቶ ይዘጋል። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስታጣምሯቸው ውሳኔው በየሳምንቱ ለክርክር ይከፈታል። አንድ ሰው ተግባሩ ስለዘገየ ብቻ "ለምን ወደ ጎን አናዞረውም?" ብሎ ያነሳዋል። ስለዚህ ለየብቻ ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። "ው" ለውሳኔ፣ "ተ" ለተግባር። ው-4.1 ሲባል በአራተኛው ስብሰባ የተወሰነ የመጀመሪያ ውሳኔ ነው። ቁጥሩ እስከ ፕሮጀክቱ መጨረሻ አይለወጥም።

ውሳኔው አጠገብ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ ኦዲተር ወይም አዲስ የተመደበ ኃላፊ መጥቶ "ለምን እንዲህ ተደረገ?" ይላል። ያኔ የነበሩት ሰዎች ተዛውረው ሊሆን ይችላል። ያልተስማማ ሰው ካለም ይጻፍለት። "ተቋራጩ በዚህ ምክንያት የጊዜ ጥያቄ እንደሚያቀርብ አሳውቋል" የሚል አንድ መስመር በኋላ ከሚመጣ ረጅም ጭቅጭቅ ያድናል። ያልተወሰነ ነገር ካለ ደግሞ "አልተወሰነም" ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። በእኛ ምሳሌ ወጪው ከየት እንደሚሸፈን አልተወሰነም። አማካሪው "ተጨማሪ ሥራ ነው" አለ፣ ተቋራጩ "ክፍያው ይታሰብልን" አለ፤ እሺ ያለ ግን የለም። ይህን ዝም ብሎ ያለፈ ቃለ ጉባኤ ተቋራጩ ዘንድ "ተፈቅዷል" ተብሎ ይነበባል፣ አሠሪው ዘንድ "አልተፈቀደም" ተብሎ ይነበባል።

አሁን ወደ ባለቤቱ ልምጣ። አንድ ተግባር አንድ ሰው ብቻ ነው ሊይዘው የሚገባ። "ተቋራጩና አማካሪው በጋራ" ብላችሁ አትጻፉ። ሁለት ሰው ሊሠራው ይችላል፤ ተጠያቂው ግን አንድ ነው፣ ሌላው ይተባበረዋል። "ኮሚቴው"፣ "ጽሕፈት ቤቱ"፣ "ቴክኒክ ክፍሉ" ባለቤት አይሆኑም፤ ስልክ ደውላችሁ የምታገኙት ሰው አይደሉማ። የሰው ሙሉ ስም ጻፉ። ባለቤቱ ደግሞ ሥራውን የማስፈጸም ሥልጣን ያለው መሆን አለበት። የውኃውን ቫልቭ የሚዘጋው የውኃ አገልግሎቱ ሰው ነው እንጂ የተቋራጩ ፎርማን አይደለም። ተቋራጩ "እኛ እናነሳዋለን" ስላለ ብቻ የቫልቩን ሥራ ስሙ ላይ ብትጽፉ ሰኞ ጠዋት ቆፋሪው ይመጣል፣ ውኃው ግን ይፈሳል።

በስብሰባው ያልነበረ ሰው ላይ ሥራ መጫንም በየቦታው የማየው ልማድ ነው። በእኛ ምሳሌ 210ኛው ሜትር ላይ ከቦዩ ጠርዝ የቆመ የመብራት ምሰሶ አለ፤ የመብራት አገልግሎቱ ተወካይ ግን በዚያ ቀን አልተገኘም። "የመብራት አገልግሎቱ ምሰሶውን ያነሳል" ብሎ መጻፍ ምኞት መጻፍ ነው። ሰውየው አልሰማም፣ እሺም አላለም። ትክክለኛው ተግባር ከተገኙት አንዱ ይሄዳል፣ ያነጋግረዋል፣ የሚችልበትን ቀን በጽሑፍ ይዞ ይመጣል የሚል ነው። ባለቤቱም የሚሄደው ሰው ነው።

ተግባሩ ማለቁ በምን እንደሚታወቅም አብሮ ይጻፍ። "ቧንቧውን ማየት" ብትሉ መቼ ነው ያለቀው? አንዱ አጎንብሶ አይቶት ይሄዳል፣ አየሁት ይላል። "ሁለት የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሮ ቦታውንና ጥልቀቱን መለካት፤ ማስረጃ፦ የውኃ ባለሙያው የፈረመበት ንድፍ" ካላችሁ ግን አለቀ ወይ አላለቀም፤ መሀል የለውም።

ቀኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ አገር ቀን መጻፍ የራሱ ጣጣ አለው። "በአስቸኳይ" ቀን አይደለም። "በሚቀጥለው ሳምንት" ቀን አይደለም። "15/7" ብሎ መጻፍም አደገኛ ነው። ለእኛ መጋቢት 15 ነው። ጅቡቲ ያለው ዕቃ አስመጪ ግን ጁላይ 15 ብሎ ያነበዋል። መጋቢትን ማርች ብሎ መጥራትም አለ። በ2018 መጋቢት 15 ማርች 24 ላይ ነው የሚውለው፤ "ማርች 15" ያለ ሰው የተናገረው መጋቢት 6ን ነው። ዘጠኝ ቀን ልዩነት! ስለዚህ የዕለቱን ስም፣ ወሩን በፊደል፣ ከዚያ ቀኑን ጻፉ፦ ማክሰኞ መጋቢት 15። የውጭ ሰው ያለበት ፕሮጀክት ከሆነ የፈረንጁን ቀን ከጎኑ ጨምሩ። የዕለቱ ስም ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ቀኑን የተሳሳተ ጸሐፊ ዕለቱ ሳይገጥም ሲቀር ራሱን ይይዛል። ሰዓትም እንደዚሁ፦ "ከጠዋቱ 3:00" ተብሎ ይጻፍ፣ "3:00" ብቻ አይበቃም።

ከዚያ ካላንደሩን ክፈቱ። እዚህ ከተማ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ሳይት ላይ ነው የሚሠራው፤ የሁለቱም በዓል የሥራ ቀን ይነካል። ስብሰባው ማክሰኞ መጋቢት 8 ነው። ሰው ሁሉ ደግሞ "እስከ ዓርብ" ማለት ይወዳል። ያ ዓርብ መጋቢት 11 ነው። ኢድ አል ፈጥር ዓርብ ወይም ቅዳሜ ነው የሚውለው፤ የሚወስነው የጨረቃ መታየት ነው። ዓርብን የመጨረሻ ቀን ያደረገ ጸሐፊ የማይፈጸም ቀን ጻፈ። ወይ ሐሙስ መጋቢት 10 ይሁን፣ ወይ ሰኞ መጋቢት 14። የውኃው መዘጋትም እንደዚሁ ነው። በጾሙ መጨረሻና በኢድ ውኃ አይዘጋም። ቀጣዩ ዓርብም አይመረጥም፤ ለጁምዓ ሰዉ ውኃ ይፈልጋል። ሰኞ መጋቢት 21 ተመረጠ።

አንዳንድ ቀን ደግሞ በሰው ፈቃድ አይለወጥም። የኮንክሪቱ ጥንካሬ የሚለካበት ኪዩብ የሚሰበረው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ነው። የቦዩ የመጀመሪያ ክፍል ዓርብ መጋቢት 4 ተሞልቷል እንበል። 7ኛው ቀን መጋቢት 11 ነው፣ ኢድ ሊሆን የሚችለው ቀን። 28ኛው ቀን ሚያዝያ 2 ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያ ዓመት ስቅለት ነው። ሁለቱም በዓል ላይ ወደቁ። "የኪዩብ ውጤት በጊዜው ይቅረብ" ብሎ የጻፈ ሰው ይህን አያየውም። ቀኑን ቆጥሮ የጻፈ ሰው ግን ላብራቶሪው በእነዚያ ቀናት ሰው ይኖረው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቃል። ጥያቄው ራሱ ተግባር ይሆናል፣ እስከ ረቡዕ መጋቢት 9።

ተግባሮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ልኬቱ ሳይመጣ ንድፍ የለም፤ ንድፍ ሳይኖር ማጽደቅ የለም፤ ሳይጸድቅ ዕቃ አይገዛም። ስለዚህ ቀኖቹን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ። ውኃው ሰኞ 21 የሚዘጋ ከሆነ ዕቃው ዓርብ 18 ሳይት መድረስ አለበት። ለዚያ ማጽደቂያው ረቡዕ 16፣ ንድፉ ሰኞ 14፣ ልኬቱ ሐሙስ 10። ይህን ቁጥር ስብሰባው ላይ ጮክ ብላችሁ ስትቆጥሩት "አይ፣ እኔ በዚያ ቀን አልደርስም" የሚል ሰው ይነሳል። መልካም፤ እዚያው ይስተካከላል።

እንግዲህ ናሙናው ይኸው። ባለቤት በሚለው ቦታ እኔ የሥራ መደብ አስቀምጫለሁ፤ እናንተ ሙሉ ስም ጻፉበት።

የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ፕሮጀክት ቃለ ጉባኤ፣ ቁጥር 4

ቀን፦ ማክሰኞ መጋቢት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3:00 እስከ 4:10
ቦታ፦ የሳይት ቢሮ
የተገኙ፦ የአሠሪው ፕሮጀክት ኃላፊ (ሰብሳቢ)፣ የአማካሪው ተጠሪ መሐንዲስ፣ የአማካሪው የማቴሪያል ባለሙያ፣ የተቋራጩ ፕሮጀክት ኃላፊ፣ የተቋራጩ ሳይት መሐንዲስ፣ የውኃ አገልግሎቱ ባለሙያ፣ የቀበሌው ተወካይ፣ የፕሮጀክቱ ጸሐፊ
ያልተገኙ፦ የመብራት አገልግሎቱ ተወካይ

ውሳኔዎች

ው-4.1 በ140ኛው ሜትር ያለው ባለ 4 ኢንች ቧንቧ ከቦዩ ወለል ሥር፣ በብረት ማቀፊያ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ምክንያት፦ ወደ ጎን ማዞር ተጨማሪ ቁፋሮና መታጠፊያዎች ይጠይቃል። የውኃ አገልግሎቱ ባለሙያ ተስማምቷል።

ው-4.2 ከ130 እስከ 150 ሜትር ያለው ቁፋሮ ቧንቧው እስኪወርድ ይቆማል። በሌላው ክፍል ሥራ ይቀጥላል። ተቋራጩ በዚህ ምክንያት የጊዜ ጥያቄ እንደሚያቀርብ አሳውቋል።

ው-4.3 ውኃው ሰኞ መጋቢት 21፣ ከጠዋቱ 2:00 እስከ ቀኑ 8:00 ይዘጋል። ይህ የሚሆነው ተ-4.3፣ ተ-4.4 እና ተ-4.5 ከተፈጸሙ ብቻ ነው።

አልተወሰነም፦ የተጨማሪው ሥራ ወጪ። ተ-4.2 ሲቀርብ አሠሪው በተ-4.3 ይወስናል።

ተግባራት

| ቁጥር | ተግባር | ባለቤት | የመጨረሻ ቀን | ማስረጃ |
|---|---|---|---|---|
| ተ-4.1 | ሁለት የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሮ የቧንቧውን ቦታና ጥልቀት መለካት | የተቋራጩ ሳይት መሐንዲስ | ሐሙስ መጋቢት 10 | የውኃ ባለሙያው የፈረመበት ንድፍ |
| ተ-4.2 | የማሻገሪያውን ንድፍና የዋጋ ግምት ማቅረብ (ከተ-4.1 በኋላ) | የአማካሪው ተጠሪ መሐንዲስ | ሰኞ መጋቢት 14 | ለአሠሪው የገባ ደብዳቤ |
| ተ-4.3 | በተጨማሪው ሥራና ወጪ ላይ የጽሑፍ ውሳኔ መስጠት (ከተ-4.2 በኋላ) | የአሠሪው ፕሮጀክት ኃላፊ | ረቡዕ መጋቢት 16 | የወጣ ደብዳቤ |
| ተ-4.4 | የውኃ መዘጋቱን ለነዋሪው ማሳወቅ | የቀበሌው ተወካይ | ዓርብ መጋቢት 18 | የተለጠፈ ማስታወቂያ ፎቶ |
| ተ-4.5 | ቧንቧና ማቀፊያ ቱቦ ሳይት ማድረስ (ከተ-4.3 በኋላ) | የተቋራጩ ፕሮጀክት ኃላፊ | ዓርብ መጋቢት 18 | አማካሪው የፈረመበት መረከቢያ |
| ተ-4.6 | የ7ኛና የ28ኛ ቀን ኪዩብ በበዓል ቀን እንዴት እንደሚሰበር ከላብራቶሪው ማረጋገጥ | የአማካሪው የማቴሪያል ባለሙያ | ረቡዕ መጋቢት 9 | የላብራቶሪው የጽሑፍ መልስ |
| ተ-4.7 | የመብራት አገልግሎቱን ተወካይ አግኝቶ በ210ኛው ሜትር ስላለው ምሰሶ የሚችልበትን ቀን መቀበል | የፕሮጀክቱ ጸሐፊ | ሐሙስ መጋቢት 10 | የተወካዩ የጽሑፍ መልስ |
| ተ-4.8 | ቫልቩን መዝጋትና መክፈት | የውኃ አገልግሎቱ ባለሙያ | ሰኞ መጋቢት 21 | የሳይት መዝገብ ላይ ፊርማ |

ቀጣይ ስብሰባ፦ ማክሰኞ መጋቢት 15፣ ከጠዋቱ 3:00፣ የሳይት ቢሮ
እርማት ካለ እስከ ሐሙስ መጋቢት 10 ለጸሐፊው ይድረስ።

ናሙናው እዚህ ያበቃል። ማን ምን ተናገረ የሚለው እንደሌለበት ልብ በሉ። ሁለት ገጽ አይሞላም።

ሰዎች ከመነሳታቸው በፊት ተግባራቱን አንብቡ። አጀንዳውን መድገም አያስፈልግም፤ ቁጥር፣ ስምና ቀን ብቻ። "ተ-4.1፣ አንተ፣ ሐሙስ።" ሰውየው "እሺ" ይበል። ፊት ለፊት የተባለች እሺ በኋላ በቴሌግራም ከሚላክ ወረቀት ትበልጣለች። ከዚያ ቃለ ጉባኤው በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ይላክ። በእኛ ምሳሌ የመጀመሪያው ተግባር ረቡዕ ነው የሚያልቀው። ወረቀቱ ዓርብ ከደረሰ ሦስት ተግባር ባለቤቱ ሳያነበው ቀኑ አልፏል። ለማህተም ተብሎ አንድ ሳምንት የሚቀመጥ ቃለ ጉባኤ ታሪክ ይሆናል እንጂ ሥራ አያሠራም። የተፈረመበት ቅጂ በኋላ ይምጣ፤ ተግባራቱ ግን ቀድመው ይሂዱ።

ቀጣዩ ስብሰባ በአዲስ አጀንዳ አይጀመር። በዚህ ሰንጠረዥ ይጀመር። መጋቢት 15 ላይ ምን ተገኘ እንበል? ልኬቱ ሐሙስ ደርሷል፣ ማስረጃው ታይቷል፤ ተ-4.1 ተዘጋ። የአማካሪው ንድፍ ግን አልደረሰም። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ የድሮውን ቀን አጥፍቶ አዲሱን ይጽፋል። ይህ መደረግ የለበትም። እንዲህ ይጻፍ፦

"ተ-4.2፦ አልተፈጸመም። የመጀመሪያ ቀን ሰኞ መጋቢት 14፤ አዲስ ቀን ረቡዕ መጋቢት 16። ምክንያት፦ ከኢድ በዓል በኋላ ሥራ የተጀመረው ሰኞ ነው። የሚነካው፦ ተ-4.3 ወደ ሐሙስ መጋቢት 17፣ ተ-4.5 ወደ ቅዳሜ መጋቢት 19። ው-4.3 (ሰኞ 21) አይለወጥም።"

እዩት። የሁለት ቀን መዘግየት ውኃ የሚዘጋበትን ቀን አልነካም። ግን የነበረውን መጠባበቂያ በልቶታል፤ አሁን ዕቃው ቅዳሜ ካልደረሰ ሰኞ ቁፋሮ የለም። ይህን ሁሉም ሰው በአንድ መስመር ያያል። የመጀመሪያውን ቀን ብታጠፉት ግን ተ-4.2 በየሳምንቱ "በቀጣዩ ሰኞ" እየተባለ ክረምት ይደርሳል፣ ሰንጠረዡም ሁሌ በጊዜው ያለ ይመስላል። እኔ ቀኑ ሁለት ጊዜ የተለወጠ ተግባር ሳይ ለሦስተኛ ጊዜ ቀን አልሰጥም። ሰብሳቢው ባለቤቱን ለብቻ ያነጋግር። ብዙውን ጊዜ ሰውየው ሰንፎ አይደለም፤ ተግባሩ ለእሱ የማይቻል ሆኖ ነው፣ ወይም መሀል ላይ ሌላ ያልተጻፈ ሥራ አለ።

ከመጨረስ በፊት ስለ ወሰኑ ልናገር። ቃለ ጉባኤ ውልን አይለውጥም። ው-4.1 ላይ ቧንቧው ከሥር ያልፋል ስለተባለ ተቋራጩ ነገ ዕቃ ገዝቶ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ለዚህ ነው ተ-4.3 የተቀመጠው፤ ሥራውን የሚያዘው በውሉ መሠረት የሚወጣው ደብዳቤ ነው። ተቋራጮችም ልብ በሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው፣ የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ በሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ቅጽ፣ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ የሚፈልግ ተቋራጭ ጉዳዩን ካወቀበት ጊዜ አንስቶ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ቧንቧው የወጣው መጋቢት 7 ነው፤ 28ኛው ቀን ሚያዝያ 5 ላይ ነው፣ የፋሲካ ማግስት። "ስብሰባ ላይ ተናግሬያለሁ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ" ብሎ መተማመን አያዋጣም። ደብዳቤውን ለብቻ ጻፉ። የእናንተ ውል የሚለው ሌላ ከሆነም ያንን አንቀጽ አውጥታችሁ አንብቡ።

ጥያቄ ተጠይቄ ነበር፤ አንዱን ላንሳው። አንዲት የፕሮጀክት ጸሐፊ እህታችን "ትልቅ ኃላፊ ስማቸው ከተግባር አጠገብ እንዲጻፍ አይፈልጉም፤ 'ጽሕፈት ቤቱ ይበል' ይሉኛል። ምን ላድርግ?" አለች።

በስብሰባው ፊት አትከራከሪያቸው። የሥራ መደባቸውን ጻፊና ከሥራቸው ያለውን ሰው ስም አስከትይ፦ "የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፤ የሚከታተለው እገሌ"። የሚከታተለው ሰው እዚያው ተገኝቶ እሺ ይበል። በእኛ ምሳሌ ተ-4.3ን የሚፈርሙት ኃላፊው ናቸው። ደብዳቤውን አርቅቆ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አድርሶ፣ ተፈርሞ መውጣቱን የሚያየው ግን አንድ ሠራተኛ ነው። ረቡዕ ከሰዓት ስልክ የምትደውይው ለእሱ ነው። እሱም ከሌለ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ ተ-4.3 አልተመደበም ብለሽ ጻፊ፤ ው-4.3ም ቀን እንደሌለው ለሁሉም ይታይ።